ሥራ አጠገብ ጠባብ ቤት ወይስ ሩቅ ሆኖ ሰፊ? ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ሁለት ቤት አይታችኋል እንበል። አንዱ ከመሥሪያ ቤታችሁ በእግር 15 ደቂቃ ነው። አንድ ክፍል፣ ጥግ ላይ ማብሰያ፣ ጠበብ ያለ መታጠቢያ፤ በቃ። ሌላው ሁለት መኝታና ሳሎን አለው፣ በረንዳ አለው፣ ኪራዩም ከጠባቡ ያንሳል። ችግሩ መንገዱ ነው። አንድ ሰዓት ያልፋል።

ብዙ ሰው የሚወስነው ቤቱን ባየበት ዕለት፣ ሳሎኑ መሃል እንደቆመ ነው። ስፋቱ ዓይን ይሞላል። መንገዱ ግን በዚያ ሰዓት አይታይም። ቤት የሚታየው ደግሞ ባብዛኛው በእረፍት ቀን ስለሆነ፣ የመጣችሁበት መንገድም ክፍት ነበር። ስለዚህ ሰፊው ቤት ገና ሳይለካ ያሸንፋል።

መንገዱም እንደ ቤቱ በቁጥር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። የሚያስፈልገው የስልክ ሰዓት፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ ሜትርና አንድ ሳምንት ነው። አከራዩ "ዛሬ ካልፈረማችሁ ሌላ ሰው ይወስደዋል" ቢላችሁም፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ደረጃ ሳትሠሩ አትፈርሙ። እሱ አንድ የሥራ ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው።

1. መንገዱን ከበር እስከ ወንበር ለኩ

"ከዚህ መሥሪያ ቤቴ ድረስ ስንት ይፈጃል?" ብላችሁ ደላላውን ብትጠይቁት "አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው" ይላችኋል። ላይዋሽም ይችላል። እሱ የሚቆጥረው መኪናው የሚሄድበትን ጊዜ ነው። እናንተ የምትከፍሉት ግን የቤታችሁን በር ከቆለፋችሁበት ቅጽበት ጀምሮ የሥራ ወንበራችሁ ላይ እስክትቀመጡ ያለውን ሁሉ ነው።

ስለዚህ በሥራ ቀን፣ ለሥራ በምትወጡበት ሰዓት፣ እዚያ ቤት በር ላይ ቆማችሁ ሰዓት ጀምሩ። ጉዞውን በአንድ ድምር አትጻፉት፤ ቆራርጡት። አንድ ጠዋት እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ ከቤት እስከ ፌርማታ በእግር 8 ደቂቃ፣ ሰልፍና ጥበቃ 12፣ የመጀመሪያው መኪና 30፣ ቅያሪ ቦታ ላይ ጥበቃ 7፣ ሁለተኛው መኪና 9፣ ከወረዱበት እስከ ወንበር ከነፍተሻውና ከነሊፍቱ 4። ድምሩ 70 ደቂቃ ነው። አሁን መኪና ውስጥ ያለፈውን ብቻ ደምሩት፤ 39 ደቂቃ። የደላላው "አርባ ደቂቃ" እውነት ነበር። የቀረውን 31 ደቂቃ ግን እሱ አይቆጥረውም።

የቆራረጥነው ያለምክንያት አይደለም። ሁሉም ደቂቃ እኩል አያደክምም። የትራንስፖርት ዕቅድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቆሞ መጠበቅን ተሽከርካሪ ውስጥ ከመቀመጥ በግምት እጥፍ ያህል ከባድ አድርገው ይመዝኑታል። እንዲህ የሚያደርጉት የሰው ምርጫ ስለሚያሳይ ነው፤ ሰው ሰልፍ ላይ 10 ደቂቃ ከመቆም እስከ 20 ደቂቃ ተጨማሪ ተቀምጦ መሄድን ይመርጣል። በዚህም የተነሳ በአንድ መኪና ቀጥታ የሚያደርስ የ75 ደቂቃ መንገድ፣ ሁለት ቅያሪ ካለው የ65 ደቂቃ መንገድ ሊሻል ይችላል። እኔ ብሆን ያለ ጥርጥር ቀጥታውን እመርጣለሁ። ቅያሪ በበዛ ቁጥር የሚያመልጣችሁም ነገር ይበዛል።

ጥበቃውን ስትገምቱ አንድ ነገር አስተውሉ። አውቶቡሱ በየ20 ደቂቃው በትክክል ከመጣ፣ በዘፈቀደ ፌርማታ የሚደርስ ሰው በአማካይ የሚጠብቀው 10 ደቂቃ ነው። ነገር ግን ሁለት ተከታትለው መጥተው ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ከጠፉ፣ አማካዩ ከ10 በላይ ይሆናል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ፌርማታ የሚደርሰው በዚያ ረጅም ክፍተት ውስጥ ነው። ሞልቶ የሚያልፍም አለ። እዚያ ቆማችሁ ስንት እንዳለፋችሁ ቁጠሩ።

በራሳችሁ መኪና የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ማቆሚያ ፍለጋውንና ካቆማችሁበት የምትራመዱትን አትርሱ። የስልክ ካርታም ይረዳል። የመነሻ ሰዓቱን የሥራ ቀን ጠዋት አድርጉት፤ የሚሰጣችሁ ከዚህ እስከዚህ የሚል ግምት ከሆነ ትልቁን ውሰዱ። ካርታው ግን ሰልፉን አያውቅም፤ እሱን በእግር ሄዶ ማየት ነው።

መልሱንም ለኩ። የማታው መንገድ የጠዋቱ ግልባጭ አይደለም። አንዳንድ ሰፈር ጠዋት ቶሎ ያስወጣል፣ ማታ ግን አያስገባም። በተቃራኒው ሁሉም ወደ መሃል ሲጎርፍ እናንተ ወደ ዳር የምትሠሩ ከሆነ፣ በኪሎ ሜትር ሩቅ የሆነው ቤት በደቂቃ ቅርብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ሥራ ኪሎ ሜትር ምንም አይነግራችሁም።

ልኬቱን ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ወይም በበዓል ሰሞን ካደረጋችሁት አትመኑት።

2. በአማካዩ ሳይሆን በከፋው ቀን አስሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ቆየት እንበልበት።

አራት ጠዋት ለክታችሁ 62፣ 66፣ 70 እና 82 ደቂቃ አገኛችሁ እንበል። አማካዩ 70 ነው። ሥራ የምትገቡት ጠዋት 2፡30 ከሆነ ከቤት 1፡20 ላይ ትወጣላችሁ? አትወጡም። እንዲያ ካደረጋችሁ ከአራቱ ቀን በአንዱ 12 ደቂቃ ታረፍዳላችሁ። ማርፈድ የሚያስጠይቅ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚወጣው በከፋው ቀን ልክ ነው፤ 1፡05 ላይ፣ ማለትም 85 ደቂቃ ቀደም ብሎ።

መንገዱ ቀና በሆነበት ቀን ታዲያ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ። ያ 20 ደቂቃ የት ሄደ? በር ላይ ወይም ወንበር ላይ ሥራ እስኪጀመር ተቀመጣችሁበት። ቤት አልዋለም፤ እንቅልፍም አልሆነም። ስለዚህ የመንገዱ ነው። የጠዋት ምልልሳችሁ 70 ሳይሆን 85 ደቂቃ ነው።

ማታ የሚጠብቃችሁ ቀጠሮ ከሌለ አማካዩን መውሰድ ይበቃል፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ሌላ ቀን ያካክሳል። ነገር ግን ልጅ ከመዋያ የምትወስዱ ወይም የማታ ትምህርት ያላችሁ ከሆነ ማታውም 85 ይሆናል።

በእግር የሚኬድ መንገድ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። 15 ደቂቃው ዛሬም 15 ነው፣ ነገም 15 ነው። ከአጭርነቱ በላይ አለመለዋወጡ ይጠቅማል።

3. የአንድ ሰዓቱን ዋጋ አውጡ

አሁን ገንዘቡን ከሰዓቱ ጋር እናገናኝ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። በወር 22 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ትሠራለች፤ በጠቅላላው 176 ሰዓት። ቁጥሩ ለማንም እንዲሠራ እጇ የሚገባውን የወር ደመወዝ 100 እንበለው፤ ሌላውን ሁሉ ከ100 ስንት ነው ብለን እንጽፋለን። እናንተም የራሳችሁን በዚሁ መንገድ መቀየር ትችላላችሁ።

የቅርቡ ቤት ኪራይ 34 ነው። ትራንስፖርት የለበትም። ነገር ግን ማጠቢያ ማሽን ስለማይገባበት ልብስ ውጭ ታሳጥባለች፤ 1 ጨምሩበት። ድምሩ 35።

የሩቁ ቤት ኪራይ 22 ነው። ትራንስፖርት፣ አምሽታ የምትወጣባቸውን ቀናት የታክሲ ወጪ ጨምሮ፣ 5። ድምሩ 27።

ስለዚህ ሩቁ ቤት በወር የሚያተርፍላት 8 ነው። ኪራዩን ብቻ ያየ ሰው 12 ነው ብሎ ያስባል። ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ወደ ሰዓቱ እንሂድ። ከሩቁ ቤት ጠዋት 85፣ ማታ 70፤ በቀን 155 ደቂቃ። ከቅርቡ ቤት ደርሶ መልስ 30። ልዩነቱ 125 ደቂቃ ነው። በ22 ቀን ሲባዛ 2,750 ደቂቃ፣ ማለትም 46 ሰዓት ያህል ይሆናል። በ8 ሰዓት ብታካፍሉት ወደ ስድስት የሥራ ቀን ይጠጋል። በየወሩ ስድስት የሥራ ቀን የሚያህል ጊዜ መንገድ ላይ።

አሁን ትርፉን ለሰዓቱ አካፍሉት፦ 8 ለ46 ሲካፈል 0.17። ደመወዟስ በሰዓት ስንት ነው? 100 ለ176 ሲካፈል 0.57። ስለዚህ ሩቁ ቤት ለእያንዳንዱ የመንገድ ሰዓት የሚከፍላት የደመወዟን 30 ከመቶ ገደማ ነው።

ይህ ጥሩ ክፍያ ነው ወይስ መጥፎ? መለኪያ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መንገድና ድልድይ ያዋጣ እንደሆነ ሲያሰላ፣ ሰው በራሱ ጊዜ የሚያደርገውን የአንድ ሰዓት የከተማ ጉዞ በሰዓት ገቢው ግማሽ ይተምነዋል። ፍጹም ሕግ አይደለም። መጽሐፍ እያነበበ የሚሄድና በአንድ እግሩ ቆሞ የሚሄድ ሰው እኩል አይተምኑትም። ለመነሻ ግን ግማሽ ጥሩ ልክ ነው። ከግማሽ በታች ከተከፈላችሁ ጊዜያችሁን በርካሽ እየሸጣችሁ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ በሰላሳ ከመቶ እየሸጠች ነው።

ሒሳቡ የሚሰጣችሁ አዎ ወይም አይ ብቻ አይደለም። ለድርድርም ገደብ ይሰጣችኋል። የደመወዟ ግማሽ በሰዓት 0.284 ነው፤ በ46 ሰዓት ሲባዛ 13 ይሆናል። ሩቁ ቤት እንዲያዋጣ ልዩነቱ 8 ሳይሆን 13 መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ወይ የሩቁ ኪራይ ከ22 ወደ 17 ይውረድ፣ ወይ የቅርቡ ወደ 39 ይውጣ። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል እስካለች ድረስ ቅርቡ ይሻላታል። አከራዩ ፊት ስትቀመጥ የት ላይ መቆም እንዳለባት ታውቃለች።

አንድ ገደብ ግን አለ። የሰዓት ዋጋ የቤት ወጪ አይሸፍንም። የቅርቡን ቤት ከፍላችሁ የሚተርፋችሁ ገንዘብ ለምግብና ለሌላው ግዴታችሁ የማይበቃ ከሆነ፣ ሒሳቡ ምንም ቢል ቤቱ የእናንተ አይደለም። ይህንን አስቀድማችሁ አጣሩ። ካልበቃ ሦስተኛ ቤት መፈለግ ነው፤ መሃል ላይ፣ በአንድ መኪና ቀጥታ የሚደረስበት።

4. ሒሳቡን የሚገለብጡ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው በወር ስንት ቀን በአካል ሥራ እንደምትገቡ ነው። ያችው ሠራተኛ አንዳንድ ቀን ከቤት እየሠራች በወር 12 ቀን ብቻ ብትሄድ፣ ተጨማሪው መንገድ ከ46 ወደ 25 ሰዓት ይወርዳል። ትራንስፖርቷም ከ5 ወደ 2.7 ይቀንሳል። ትርፏ 10.3 ይሆናል፤ ለ25 ሲካፈል 0.41። ይህ የሰዓት ደመወዟ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሩቁ ቤት አሸነፈ። እሷም ቤት ስለምትሠራ ያ ተጨማሪ ክፍል ቀኑን ሙሉ ይሠራላታል።

ስለዚህ ከቤት የመሥራት ፈቃዳችሁ ምን ላይ እንደቆመ እወቁ። በቅጥር ውላችሁ ላይ ተጽፏል? ወይስ የአሁኑ አለቃችሁ ደግ ስለሆነ ብቻ ነው? በቃል ከሆነ ሒሳቡን በ22 ቀንም ሥሩት፤ ነገሩ ቢገለበጥ ትችሉት እንደሆነ እዩ። ትራንስፖርት የምትከፍሉት በወር ትኬት ከሆነ ደግሞ ጥቂት ቀን መሄዳችሁ ወጪውን ላይቀንሰው ይችላል።

ሁለተኛው አብሯችሁ የሚኖር ሰው ነው። ሁለት ሠራተኞች ካላችሁ የሁለታችሁንም ሰዓት ደምሩ። ለአንዱ ቅርብ የሆነው ለሌላው ሩቅ ሊሆን ይችላል። ድምሩ እኩል ሆኖ ሸክሙ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ከወደቀ፣ ድምሩን ሳይሆን ያንን ሰው እዩ። በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚውል ሰው ማታ ቤት ገብቶ እኩል የቤት ሥራ አይሠራም፤ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል።

5. ጠባቡን ቤት ወለል ላይ ሣሉት

እስካሁን ሒሳቡ ወደ ቅርቡ ቤት ያደላ ይመስላል። ነገር ግን ጠባብ ቤት ሁሉ አንድ አይደለም። 18 ካሬ ሜትር ምቹም ሊሆን ይችላል፣ መተንፈሻም ሊያሳጣ ይችላል። ካሬው ብቻ አይነግራችሁም።

ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ የምትለኩት ባዶ ግድግዳ ነው። ዕቃ የሚቀመጠው ግድግዳ ተደግፎ ስለሆነ። ክፍሉ 4 ሜትር በ4.5 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 17 ሜትር ግድግዳ ነው። ከዚያ ላይ የመግቢያ በር 0.9፣ የመታጠቢያ በር 0.8፣ ዝቅ ያለ መስኮት 1.5፣ ማብሰያው የያዘው 2.2 ሲቀነስ 11.6 ሜትር ይቀራል። አልጋ ጥግ ሲቀመጥ ሁለቱን ግድግዳ ይዞ 3.3 ይወስዳል፤ ቁም ሣጥን 1.5፣ ጠረጴዛ 1.2፣ ፍሪጅ 0.6፣ መደርደሪያ 1። ድምሩ 7.6። አራት ሜትር ክፍት ግድግዳ ተረፈ፤ ይህ ቤት ያኖራል። ሌላ 18 ካሬ ደግሞ በር ሲበዛበትና እስከ ወለል የሚወርድ መስኮት ሲኖረው ባዶ ግድግዳው ከ7 ሜትር በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ፍሪጁ መስኮቱን ይሸፍናል፣ ቁም ሣጥኑ መተላለፊያው ላይ ይቆማል።

ከዚያ አሁን ባላችሁበት ቤት ወይም ግቢ ወለል ላይ ክፍሉን በእውነተኛ መጠኑ በጠመኔ ወይም በወረቀት ፕላስተር ሣሉት። አልጋውን ሣሉ፤ 1.4 በ1.9። ከጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ተዉ። የበሮቹን መከፈቻ በሩብ ክብ ሣሉ። የቁም ሣጥኑ ጥልቀት 60 ነው፤ በሩ እንዲከፈት ፊት ለፊቱ ሌላ 60 ይፈልጋል። ከጠረጴዛው ኋላ ወንበር የሚሳብበት 75 ያህል ተዉ። ከዚያ የጠዋት ሥራችሁን እዚያ መስመር ውስጥ ሥሩ፤ ተነሡ፣ ልበሱ፣ ቦርሳ አንሡ፣ ውጡ። ሁለት ከሆናችሁ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ አድርጉት። ትንሽ ቤትን የሚያጣብበው ከዕቃው ይልቅ የመክፈቻውና የመተላለፊያው ቦታ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

ቤቱ ውስጥ ስትመለሱ አየሩን ፈትሹ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሲበሰል፣ ገላ ሲታጠቡና እርጥብ ልብስ ሲሰጣ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ግድግዳው ይሻግታል። የመስኮቱን ጥግና ቁም ሣጥን የሚቆምበትን የውጭ ግድግዳ ታች እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም አዲስ ቀለም በአንድ ጥግ ብቻ ተቀብቶ ካያችሁ ጠይቁ። መታጠቢያው የአየር ማውጫ ካለው አብሩትና አንድ ሉህ የመጸዳጃ ወረቀት ጠጋ አድርጉበት። ወረቀቱን ስቦ ከያዘ ይሠራል። ከወደቀ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ልብስ የት እንደሚሰጣም በዚያው ጠይቁ።

ለሁለት ሰው የምመክረው አንድ ነገር አለ። የእንቅልፍ ሰዓታችሁ የተለያየ ከሆነ፣ ከካሬ ሜትር ይልቅ የሚዘጋ በር ፈልጉ። አንድ ሰው ተኝቶ ሌላው መብራት ማብራት የሚችልበት የ24 ካሬ ቤት፣ ሁሉ ነገር አንድ ላይ ከተዘረጋበት የ30 ካሬ ቤት ይሻላል።

6. ተጨማሪው ክፍል ለማን እንደሆነ ጻፉ

ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። ስለ ሰፊው ቤት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ መልሱ፦ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያ ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ማን አለ?

ልጅ ተኝቶበት፣ እናታችሁ ኖራበት፣ ወይም እናንተ ሥራ እየሠራችሁበት ከሆነ ክፍሉ በየቀኑ ያገለግላል። ያኔ ከደመወዝ ግማሽ በታች ቢከፍላችሁም መንገዱን መቀበል ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የምታገኙት ገንዘብ ብቻ አይደለምና። መልሱ "እንግዳ ሲመጣ" ከሆነ ግን እንግዳ በዓመት ስንት ሌሊት እንደሚያድር አስታውሱ። ለእነዚያ ሌሊቶች ብላችሁ በየቀኑ 125 ደቂቃ እየከፈላችሁ ነው።

መልሱን ስትጽፉ ቤት የምትደርሱበትን ሰዓት አስቡ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከሥራ 11፡30 ብትወጣ ቅርቡ ቤት 11፡45 ትገባለች፣ ሩቁ ቤት 12፡40። ጠዋት ደግሞ ከሩቁ ቤት 1፡05 ትወጣለች። በሥራ ቀን ሳሎኑ ውስጥ ነቅታ የምትቀመጠው ስንት ሰዓት ነው?

እኔ ወደ ቅርቡ የማደላበት አንድ ምክንያት አለኝ። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍራይ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ጀርመን ውስጥ ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ ተመልክተው ነበር። ሰው ሩቅ የሚኖረው በርካሽ ኪራይ ወይም በተሻለ ደመወዝ ስለተካሰ ከሆነ፣ መንገዱ የረዘመበትና ያጠረበት ሰው በሕይወታቸው እኩል ሊረኩ ይገባ ነበር። አልሆነም። መንገዱ የረዘመበት ሰው እርካታው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ካሳው አልበቃም ማለት ነው። ሰፊ ሳሎን ከጥቂት ወራት በኋላ ይለመዳል። መንገድ ግን በየቀኑ መልኩን ስለሚለዋውጥ ቶሎ አይለመድም።

7. ውሉን በሥራችሁ ዕድሜ ልክ አድርጉት

"ቅርብ" የሚባለው ቤት ቅርብ የሆነው ለአሁኑ ሥራችሁ ብቻ ነው። ሥራ ብትቀይሩ ወይም መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሕንፃ ቢገባ፣ ጠባብም ሩቅም የሆነ ቤት ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። የሙከራ ጊዜያችሁ አልቋል? መሥሪያ ቤቱ ሊዛወር ነው የሚል ወሬ አለ? በሙያችሁ የሚቀጥሩ ሌሎች ድርጅቶችስ በዚያው አካባቢ ወይም በዚያው የትራንስፖርት መስመር ላይ አሉ? ሦስተኛው ካለ የቅርቡ ቤት ስጋት በጣም ይቀንሳል።

የመግቢያ ወጪውንም በወር አካፍሉት። መያዣ ተመላሽ ስለሆነ ለብቻው ያዙት። የደላላ፣ የዕቃ ማጓጓዣና አዲስ የሚገዛ ዕቃ ግን አይመለስም። ይህ ወጪ በጠቅላላ 24 ቢሆን፣ ሁለት ዓመት ከኖራችሁ በወር 1 ነው። ስድስት ወር ብቻ ከኖራችሁ በወር 4 ይሆናል፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያገኘነውን የ8 ልዩነት ግማሽ ይበላል። ለሁለቱም ቤት ይህንን ሠርታችሁ በወር ድምሩ ላይ ጨምሩ።

ውሉ ላይ ደግሞ ሁለት አንቀጽ ፈልጉ። አንዱ ኪራዩ መቼና በምን ያህል ሊጨመር እንደሚችል የሚለው ነው። የሩቁ ቤት ርካሽነት በሁለተኛው ዓመት የሚጠፋ ከሆነ ሒሳቡን በአዲሱ ቁጥር እንደገና ሥሩት። ሌላው በስንት ቀን ማስታወቂያ መውጣት እንደምትችሉ የሚለው ነው። ሥራችሁ ገና ያልጸና ከሆነ፣ ከስድስት ወር በኋላ በአንድ ወር ማስታወቂያ ያለ ቅጣት መውጣት የሚል ዓረፍተ ነገር አስጨምሩ። አከራዩ ካልተስማማ የአንድ ዓመቱን ውል ትታችሁ የስድስት ወር ውል ጠይቁት፤ ኪራዩ በመጠኑ ቢጨምርም ጭማሪውን ከመግቢያ ወጪያችሁ ጋር አስተያዩት። የተስማማችሁበትን ሁሉ በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ በጽሑፍ አስገቡና የሁለታችሁም ፊርማ ያለበት አንድ ቅጂ ያዙ።